ካፒታሉ ልክ፣ ትርፉ ስህተት፦ የአንድ የደብረ ማርቆስ እህል ነጋዴ የሰኔ 30 መዝጊያ

መስከረም 2015 አጋማሽ ላይ አንድ እህል ነጋዴ ከሴት ልጃቸው ጋር ቢሮዬ መጡ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጤፍ በጅምላ ይነግዳሉ። ከቢቸናና ከደጀን ዙሪያ ይሰበስባሉ፣ ወደ አዲስ አበባ ይጭናሉ። ንግዱ በግላቸው ስም የወጣ ነው፤ ማኅበርም አክሲዮንም የለበትም። ልጅቱ ኮሌጅ አካውንቲንግ ተምራለች፤ ያን ዓመት መዝገቡን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘችው እሷ ነበረች። የአምናውን የዘጋው ሒሳብ ሠራተኛ ባሕር ዳር ሥራ አግኝቶ ሄዷል።

ሰውየው ገና ሳይቀመጡ ነገሩን አነሡት። «ልጄ፣ ዘንድሮ ከአምናው የበለጠ ጤፍ ሸጥሁ። ትርፌ ግን ከግማሽ በላይ ወርዶ አገኘሁት። ሌባ አለ እንዳልል መጋዘኑን የምቆልፈው ራሴ ነኝ።»

እሷ ዝም ብላ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። ፊቷ ላይ ጭንቀት ነበር። ጥርጣሬው የሚያርፈው እሷ ላይ እንደሆነ ገብቷታል።

የ2013 በጀት ዓመት ትርፍ ወደ 270,000 ብር ነበር። የ2014 ደግሞ፣ ማለትም ከሐምሌ 1 ቀን 2013 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2014 ያለው፣ 120,000 ብር ይላል። ግብር ገና አልተሰላም፣ መዝገቡም በረቂቅ ነው። ሽያጩ 6,250,000 ብር ስለሆነ ሰውየው የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ናቸው። የማስታወቂያ ጊዜያቸው ጥቅምት 30 ያልቃል። ጊዜ ነበረን።

መጀመሪያ ያየሁት ካፒታሉን ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2013 የተከፈተው በ900,000 ብር ነው። እሷ 120,000 ትርፍ ጨምራ 1,020,000 ብር አድርሳዋለች። ከዚያ ንብረቱን ቆጠርሁ። በእጅ 39,000፣ ባንክ 230,000፣ በዱቤ የተሸጠ 240,000፣ መጋዘን ያለ ጤፍ 616,000፣ ባስኩላና ሌላ ዕቃ 75,000 ብር። ድምሩ 1,200,000 ብር ነው። ላቀረቡላቸው ሰዎች ያልተከፈለ 180,000 ብር ዕዳ አለ። ሲቀነስ 1,020,000 ብር። አንድ ብር እንኳ አልጎደለም።

የዚህ ጉዳይ ከባዱ ቦታ ይኼ ነው። ልጅቱ ሚዛኑን ሦስት ጊዜ ደምራዋለች። ሦስቱንም ጊዜ ልክ መጣላት። ሚዛኑ ልክ ከሆነ ስህተት የለም ብላ አመነች። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ አስብ ነበር፤ ስለዚህ አልፈረድሁባትም።

ከዚያ የወጪውን ዝርዝር አየሁ። ደመወዝና ጫኝ አውራጅ 160,000፣ የመጋዘን ኪራይ 96,000፣ ወደ አዲስ አበባ መጫኛ 150,000፣ ጆንያ፣ መብራትና ስልክ ተደምሮ 44,000 ብር። ከሥሩ አንድ መስመር አለ፦ «የቤት ወጪ 136,000»።

«ይኼ የማን ቤት ነው?» አልኋት።

«የእኛ ቤት» አለች። «አባባ በየወሩ 8,000 ብር ያወጣል። ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ቆጥሬ የዓመቱ 96,000 ነው። የአያቴ ተዝካር ጊዜ ደግሞ 40,000 አወጣ።»

ሰውየው ጣልቃ ገቡ። «ብሩ ወጥቷል አይደለም እንዴ? ከወጣ ወጪ ነው።»

በአማርኛችን እውነት አላቸው። ከሣጥን የወጣውን ሁሉ ወጪ እንለዋለን። በሒሳብ መዝገብ ግን ወጪ የሚባለው ገቢውን ለማግኘት የወጣው ነው። መኪናው ጤፉን አዲስ አበባ ስላደረሰ ኪራዩ ወጪ ነው። የተዝካሩ ድግስ ግን አንድ ኩንታል ጤፍ አላሸጠም። ባለቤቱ ከንግዱ ካፒታል ላይ ያነሣው የራሱ ድርሻ ነው። በሙያው ድሮዊንግ እንለዋለን። ቦታው ከወጪዎች ተርታ አይደለም፤ ከካፒታል ሥር ነው። የአምናው ሒሳብ ሠራተኛ በትክክል እንደዚያ አድርጎት ነበር። የሁለቱ ዓመት ትርፍ ያልተመሳሰለውም አንዱ ምክንያት ይኼው ነው።

ሌላው ምክንያት መጋዘን ውስጥ ነበር፤ እሱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

የጤፉን ብዛት በኩንታል እንሥራው አልኋት። ዓመቱ ሲጀምር 100 ኩንታል ነበር። በዓመቱ 1,300 ኩንታል ተገዛ። ሰኔ 30 ቀን ሲቆጠር 140 ኩንታል ቀረ። ስለዚህ ከመጋዘን የወጣው 1,260 ኩንታል ነው። በሽያጭ ደረሰኝ ላይ ያለው ግን 1,250 ኩንታል ብቻ ሆነ። 10 ኩንታል የለም።

ሰውየው ሳቅ አሉ። «እሱማ ቤት ገብቷል። ስድስቱ ለዓመት ቀለብ፣ አራቱ ለተዝካሩ።»

እኔም ተቀበልኋቸውና ወደ መዝገቡ ተመለስሁ። የተሸጠው ጤፍ ዋጋ እንዴት እንደተሰላ ማየት ነበረብኝ። ልጅቱ የሠራችው ብዙ ሰው በሚሠራበት መንገድ ነው፦ የመክፈቻ ክምችት፣ ሲደመር ግዥ፣ ሲቀነስ የመዝጊያ ቆጠራ። የአንድ ኩንታል አማካይ መግዣ 4,400 ብር ስለሆነ 5,544,000 ብር ወጣላት። ስሌቱ ስህተት የለበትም። ነገር ግን በዚህ ዘዴ ቆጠራ ላይ ያልተገኘ ጤፍ ሁሉ እንደተሸጠ ይታሰባል። ቤት የተበላውም፣ አይጥ የበላውም፣ የተሰረቀውም ሁሉ ሳይጠየቅ «የተሸጠ ዕቃ ዋጋ» ውስጥ ይገባል። የ10 ኩንታሉ 44,000 ብር በዚህ በኩል ትርፉን ቀንሶታል። በብር ስላልወጣ የገንዘብ መዝገብ ላይ ቢፈለግ አይገኝም። በብር ብቻ ብንሄድ ኖሮ እስከ ዛሬም አይገኝም። የተገኘው በኩንታል ስለቆጠርን ነው።

እንግዲህ የባለቤቱ ድሮዊንግ በጥሬ ገንዘብ 136,000፣ በዓይነት 44,000፣ በጠቅላላው 180,000 ብር ነው። እውነተኛው ትርፍም እንዲህ ይሆናል። ከሽያጩ 6,250,000 ላይ 5,500,000 የተሸጠ ጤፍ ዋጋና 450,000 የንግድ ወጪ ሲቀነስ 300,000 ብር ይቀራል። ከአምናው 270,000 ጋር ሲታይ ሽያጩ እንዳደገ ትርፉም አድጓል። ሌባ የለም።

ልጅቱ ቶሎ ብላ ካልኩሌተሩን አነሣች። 900,000 ሲደመር 300,000፣ ሲቀነስ 180,000። 1,020,000 ብር። «ያው ነው!» አለች። ደነገጠች ማለት ይቻላል። «ታዲያ እኔ ምን አበላሸሁ?»

ካፒታሉን አላበላሸችም። ድሮዊንግ በወጪ በኩል ቢገባ ትርፉን በ180,000 ያሳንሳል፣ ያነሰው ትርፍ ወደ ካፒታል ይገባል። በቀጥታ ከካፒታል ቢቀነስ ደግሞ ትርፉ ሙሉውን ይገባና 180,000ው በኋላ ይወጣል። ሁለቱም መንገድ አንድ ቦታ ያደርሳል። ስለዚህ የሀብትና ዕዳ መግለጫውን ያየ ሰው ስህተቱን አያገኘውም። የሚበላሸው በመንገዱ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ትርፉ። ግብር የሚሰላው ደግሞ በዚያ ቁጥር ላይ ነው።

ግብሩን ስናሰላ ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚያ ዓመት የግብር ሠንጠረዥ መሠረት በ120,000 ብር ትርፍ ቢሄዱ ኖሮ 30 በመቶው ተሰልቶ 11,460 ሲቀነስ 24,540 ብር ይደርስባቸው ነበር። በ300,000 ብር ግን 35 በመቶው ተሰልቶ 18,000 ሲቀነስ 87,000 ብር ነው። ልዩነቱ 62,460 ብር። በዚያ ዓመት ይሠራበት የነበረው የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ለግል ፍጆታ የወጣን ገንዘብ ከገቢ ላይ መቀነስ አይፈቅድም። በረቂቁ ቢያስታውቁና በኋላ ኦዲት ቢደረጉ ልዩነቱን ከነቅጣቱና ከነወለዱ ይጠየቁ ነበር።

ሰውየው ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አዩት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ ከንጋት እስከ ማታ መጋዘን ነው የምውለው። ወር በወር የማወጣው 8,000 ደመወዜ ነው ብል ምን ይጎዳል?»

ብዙ ነጋዴ የሚጠይቀው ጥያቄ ስለሆነ በደንብ መለስሁላቸው። በግል ስም በተያዘ ንግድ ውስጥ ባለቤቱና ንግዱ በሕግ ፊት አንድ ሰው ናቸው። ሰው ለራሱ ደመወዝ መክፈል አይችልም። የድካማቸው ዋጋ ራሱ ትርፉ ውስጥ ነው ያለው። ለልጅቱ ግን በየወሩ ደመወዝ ቢከፍሏትና የደመወዝ ግብሯን ቆርጠው ገቢ ቢያደርጉ እውነተኛ ወጪ ይሆናል፤ ምክንያቱም እሷ ሌላ ሰው ናት፣ ሥራውንም በእርግጥ ትሠራለች። ይኼን ሲሰሙ ልጃቸውን ዞር ብለው አዩዋት። እስከዚያ ቀን ደመወዝ አልነበራትም።

ከዚያ ወደ መዝጊያው ገባን። ከመዝጋት በፊት ሁለት ማስተካከያ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ድሮዊንግ ዴቢት 136,000፣ የቤት ወጪ ክሬዲት 136,000። በዚህ «የቤት ወጪ» የሚባለው ሒሳብ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ድሮዊንግ ዴቢት 44,000፣ የተሸጠ ዕቃ ዋጋ ክሬዲት 44,000። ቤት የገባውን ጤፍ በመግዣ ዋጋው ነው ያነሣሁት፤ ንግዱ ለራሱ ባለቤት ሸጦ አላተረፈምና። ቀጥሎ ግብሩን መዘገብሁ፦ የግብር ወጪ ዴቢት 87,000፣ ተከፋይ ግብር ክሬዲት 87,000።

አሁን መዝጊያው። የሽያጭ፣ የወጪና የድሮዊንግ ሒሳቦች የአንድ ዓመት ሒሳቦች ናቸው። ሰኔ 30 ማታ ባዶ ሆነው ሐምሌ 1 ከዜሮ መጀመር አለባቸው። አለዚያ የዘንድሮ ሽያጭ ከአምናው ላይ ይደራረባል። ባዶ የሚሆኑት ደግሞ ያላቸውን ወደ ካፒታል በማስረከብ ነው። የሽያጭና የወጪ ሒሳቦቹ የሚያልፉት ኢንካም ሰመሪ በሚባል፣ ለመዝጊያ ብቻ በሚከፈት ጊዜያዊ ሒሳብ በኩል ነው። አራት ምዝገባ ነው፤ ልጅቱ ራሷ እንድትጽፈው አደረግሁ።

በመጀመሪያ ሽያጭ ዴቢት 6,250,000፣ ኢንካም ሰመሪ ክሬዲት 6,250,000። ሽያጭ የሚያድገው በክሬዲት ስለሆነ ባዶ የሚሆነው በዴቢት ነው። ቀጥሎ ኢንካም ሰመሪ ዴቢት 6,037,000፤ በክሬዲት በኩል የተሸጠ ዕቃ ዋጋ 5,500,000፣ ሥራ ማስኬጃ ወጪዎቹ በየስማቸው 450,000፣ የግብር ወጪ 87,000።

እዚህ ላይ አስቆምኋት። ኢንካም ሰመሪ ላይ የቀረው ስንት ነው? 213,000 ብር ክሬዲት። የትርፍና ኪሳራ መግለጫው የመጨረሻ መስመርስ? ያው 213,000። እኔ ይኼን ቦታ ኬላ እለዋለሁ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ካልሆኑ ወደ ሦስተኛው ምዝገባ አይታለፍም። አንዳንድ ሰው ድሮዊንግን በትክክል ከወጪ ለይቶ ይይዝና መዝጊያው ላይ መልሶ ኢንካም ሰመሪ ውስጥ ይጨምረዋል። እዚህ ላይ ቢያስተያይ 33,000 ብር ብቻ ያገኝ ነበር፣ መግለጫው ግን 213,000 ይላል። ይኼን ሳያይ ካለፈ ካፒታሉ እንደገና ልክ ስለሚመጣ ሁለተኛ አያገኘውም።

ሦስተኛው ኢንካም ሰመሪ ዴቢት 213,000፣ ካፒታል ክሬዲት 213,000 ነው። አራተኛው ካፒታል ዴቢት 180,000፣ ድሮዊንግ ክሬዲት 180,000። ድሮዊንግ በኢንካም ሰመሪ በኩል አልፎ አያውቅም፤ በቀጥታ ከካፒታል ጋር ነው የሚገናኘው። ካፒታሉ 933,000 ብር ላይ ቆመ።

ከመዝጊያ በኋላ ያለውን ትራያል ባላንስ አወጣን። በላዩ ላይ መገኘት ያለበት ንብረት፣ ዕዳና ካፒታል ብቻ ነው። ንብረት 1,200,000፤ የአቅራቢዎች ዕዳ 180,000፣ ተከፋይ ግብር 87,000፣ ካፒታል 933,000። ሽያጭ የለም፣ ወጪ የለም፣ ድሮዊንግ የለም። ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል መሆኑ ብቻ አይበቃኝም። ስሞቹን አንድ በአንድ አነባለሁ፤ የቀረ የዓመት ሒሳብ ካለ እዚያ ነው የሚታየው።

ሰውየው ሲወጡ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ከልጃቸው ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም አስበዋል። «ያኔም እንዲሁ ነው የሚዘጋው?» ሦስቱ ምዝገባዎች እንዲሁ ናቸው። ትርፉ ግን የሚገባው ወደ አባላት ካፒታል አይደለም፤ ሪቴይንድ ኧርኒንግ ወደሚባለው ያልተከፋፈለ ትርፍ ሒሳብ ነው። ካፒታል በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ በተጻፈው ልክ ይቆያል። አራተኛው ምዝገባ ደግሞ ይጠፋል፤ ማኅበር ድሮዊንግ የለውም። ማኅበሩ ሌላ ሰው ስለሚሆን ወር በወር 8,000 ብር የሚወጣው በሥራ አስኪያጅነት ደመወዝ ሆኖ፣ ወይም ትርፍ ሲከፋፈል ድርሻ ሆኖ፣ ወይም ሊመለስ የሚገባው ብድር ሆኖ ስም ሊሰጠው ይገባል። ከሣጥን አንሥቶ ወደ ቤት መሄድ ያኔ ያበቃል። ይኼን ሳይለዩ ማኅበር የሚያቋቁሙ ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል፤ ከዓመት በኋላ መዝገባቸው ሲመጣ መለያው ከባድ ነው።

በ2015 ልጅቱ መዝገቡን ፒችትሪ ወደሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም አዞረችው። ደመወዝም ተቆረጠላት። ሐምሌ ላይ ደወለችልኝ። «ዓመቱን ዘጋሁት፤ ሽያጭና ወጪው ዜሮ ሆኗል። ድሮዊንጉ ግን 210,000 ብር እንደያዘ ነው።»

የሒሳቡን ዓይነት እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። `Equity-doesn't close` ይላል። ፒችትሪ ዓመት ሲዘጋ የገቢ፣ የተሸጠ ዕቃ ዋጋና የወጪ ሒሳቦችን በራሱ ባዶ ያደርግና ዓይነቱ `Equity-Retained Earnings` ወደሆነው አንድ ሒሳብ ያስገባል። ከካፒታል ቤተሰብ ውስጥ አብረው የሚዘጉት ዓይነታቸው `Equity-gets closed` የሆኑት ብቻ ናቸው። ድሮዊንግ የሚገባው እዚህ ነበር። ለግል ንግድ የባለቤቱን ካፒታል `Equity-Retained Earnings` አድርጎ መክፈት ይቻላል፤ እሷም ያን በትክክል አድርጋለች። ስለዚህ ትርፉ ሙሉውን ካፒታል ውስጥ ገብቷል፣ የወጣው ግን አልተቀነሰም። ጠቅላላ ድምሩ ልክ ስለሆነ ፕሮግራሙ ምንም ማስጠንቀቂያ አልሰጣትም። በዝምታ ቢያልፍ ካፒታሉ በ210,000 ብር ያበጠ ይመስል ነበር፣ በ2016 መጨረሻም የሁለት ዓመት ድሮዊንግ ተደራርቦ ይታይ ነበር።

ማስተካከያው አንድ ጆርናል ነው። በአዲሱ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ላይ ካፒታል ዴቢት 210,000፣ ድሮዊንግ ክሬዲት 210,000። ከዚያ የሒሳቡን ዓይነት ወደ `Equity-gets closed` ቀየረችው። ስልኩን ሳትዘጋ ትራያል ባላንሱን እንደገና አወጣች።

«ድሮዊንግ ዜሮ» አለች። ቀጥላ ሳልጠይቃት ከመጋዘን የወጣውን ጤፍ በኩንታል ነገረችኝ። ቤት የገባው ሰባት ኩንታል ነው፤ በዓመቱ ውስጥ በየቀኑ ጽፋዋለች።